የሰፈር ቡድን ለነጋዴ በሚጽፈው የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ ላይ የሚሠራቸው ስህተቶች

የሰፈራችን ቡድን ጸሐፊ ሆኜ የጻፍኩት የመጀመሪያው የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። ሠላሳ ኮፒ አስነሳን፣ ማህተም መታንበት፣ ልጆቹ ተከፋፍለው ሱቅ ለሱቅ አደሉት። ያን ክረምት ከሦስት ሰው ብቻ መልስ መጣ። አንዱ ኳስ ገዛልን፣ ሁለቱ ለሻይ የምትሆን ብር ሰጡን። ልጆቹ የተጫወቱት ከሌላ ሰፈር በተዋስነው ማልያ ነበር። የነጋዴዎቹ ንፍገት መስሎን ተከፋን። በኋላ ደብዳቤውን ቁጭ ብዬ ሳነበው ግን ጥፋቱ የኛ እንደነበር ገባኝ።

“ለሚመለከተው ሁሉ” ብሎ መጀመር

ሠላሳ ኮፒ ማለት ሠላሳ ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት ያያል ማለት ነው። ነጋዴዎች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ፋርማሲው ካፌው ጋ ቡና ሲጠጣ ወረቀቱን ያነጻጽራሉ። “ለሁሉም ነው የበተኑት፣ ሌላው ይሰጣቸዋል” ብሎ ሁሉም ይተወዋል።

ሠላሳውን ተዉና ስድስት ምረጡ። ከሜዳው አጠገብ ያለው፣ ልጁ በቡድኑ የሚጫወትለት፣ ልጆቹ ዕቃ የሚገዙበት። ለያንዳንዱ በስሙ ጻፉ፦ “ለወይዘሮ እገሊት፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት” በሚል ዓይነት። ስሙን የማታውቁ ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ትልቅ ድርጅት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ያለው ሥራ አስኪያጅ ብዙ ጊዜ በራሱ አይወስንም፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልከዋል። ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ላይ ይቀራል። ወረፋውም ረጅም ስለሆነ ለዘንድሮ ውድድር ተስፋችሁን እዚያ ላይ አትጣሉ።

የምትፈልጉትን ነገር መጨረሻ ላይ መደበቅ

የኛ ደብዳቤ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

“በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ስፖርት ለአካል ብቃትና ለአእምሮ ጤንነት ያለው ጠቀሜታ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ክለባችን ከተመሠረተበት ጊዜ አንስቶ ወጣቶችን ከአልባሌ ቦታ በማራቅ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ሲያበረክት ቆይቷል። ስለሆነም ድርጅትዎ የተለመደ ቀና ትብብሩን እንዲያደርግልን በትህትና እንጠይቃለን።”

ይህን ደንበኛ ፊቱ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አያነበውም። አንብቦ ቢጨርሰውም ምን እንደፈለግን አይገባውም። “የተለመደ ትብብር” ያልነው ደግሞ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጠይቀናቸው ለማናውቃቸው ሰዎች ነው።

ለዳቦ ቤቷ በሚቀጥለው ዓመት የጻፍነው እንዲህ ይላል፦

“ከዳቦ ቤትዎ ጀርባ ባለው ሜዳ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚለማመደው የሰፈሩ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ነን። ከልምምድ በኋላ ልጆቻችን ዳቦ የሚገዙት ከእርስዎ ነው። በሐምሌ በሚጀምረው የክረምት ውድድር 18 ልጆች እናሰልፋለን፤ ማልያ የለንም። ለማሠራት 19,800 ብር ያስፈልጋል። ከእርስዎ የምንጠይቀው 6,000 ብር ነው።”

አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ማን እንደሆንን፣ የት እንደምንገኝ፣ ምን እንደጎደለን፣ ስንት እንደምንፈልግ አለበት። የክለቡን ታሪክ መናገር ካሻችሁ ከታች በሁለት መስመር ጻፉት፣ የፈለገ ያነበዋል።

“የቻሉትን” ማለት

ትህትና ይመስላል። ለሚሰጠው ሰው ግን ከባድ ነው። 200 ብር ቢሰጥ ያፍራል፣ 10,000 ቢሰጥ ይበዛበታል። ስለዚህ “ባለቤቱ የለም፣ ሌላ ቀን ኑ” ይላል፣ ወይም ኪሱ ውስጥ ያገኘውን አውጥቶ ይሸኛችኋል።

ልኩን የምታገኙት ከፕሮፎርማ ነው። መርካቶ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ማልያ ሠሪ ጋ ሄዳችሁ የማልያ፣ የቁምጣና የካልሲ ዋጋ ከነህትመቱ በፕሮፎርማ አስጽፉ። ለኛ አንዱ ሙሉ ልብስ 1,100 ብር መጣ። በ18 ሲባዛ 19,800 ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የኛን ቁጥር አትውሰዱ፣ መንገዱን ግን ውሰዱ። ከዚያ ከራሳችን ጀመርን። ወላጆችና የቀድሞ ተጫዋቾች 7,800 ብር አዋጡ። የቀረውን 12,000 ለሁለት ከፈልነው፣ ግማሹ ለዳቦ ቤቷ፣ ግማሹ ለጋራዡ። ደብዳቤው ላይ ይህንን ስንጽፍ ፕሮፎርማውን ከኋላ አያያዝንበት። ዳቦ ቤቷ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነበር። “ወላጆቹም አዋጥተዋል?” ብላ ጠየቀች። አዎ ስንላት ነገሩ ተቀየረ።

ብር የማይመቸው ሰው ደግሞ አለ። ፋርማሲውን ብር አትጠይቁት። ፋሻ፣ ጥጥ፣ የቁስል ማጽጃና ፕላስተር የያዘ አንድ ቦርሳ ጠይቁት፣ ዝርዝሩንም ጻፉለት። ሱፐርማርኬቱ ለያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት እሽግ ውኃ ሊሰጥ ይችላል። ባለሱቁ ዕቃውን በገዛበት ዋጋ ስለሚያስበው ለእሱ ይቀልለዋል፣ እናንተም በችርቻሮ ዋጋ ከመግዛት ትድናላችሁ።

የማትፈጽሙትን ቃል መግባት

“በሚዲያ እናስተዋውቅዎታለን” ብለን ጽፈን ነበር። የቱ ሚዲያ? የኛ የቴሌግራም ግሩፕ የራሳችን ልጆችና ወንድሞቻቸው ያሉበት ነበር። ነጋዴ ይህን ያውቃል።

መስጠት የምትችሉት ትንሽ ቢሆንም ተለክቶ ይጻፍ። እኛ የጻፍነው ይህን ነው፦ የዳቦ ቤቱ ስም በ18ቱም ማልያ ደረት ላይ በግልጽ በሚነበብ ፊደል ይታተማል፤ ማልያው በምድብ ጨዋታዎቻችን በሙሉ ይለበሳል፤ ከውድድሩ በኋላም ልጆቹ ለወዳጅነት ጨዋታ ይለብሱታል። የጋራዡ ስም ከኋላ፣ ከቁጥሩ በታች። “እስከ ፍጻሜ” አላልንም። ከምድብ ካላለፍን ያልነው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

አንድ ማልያ ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ስም በላይ አትጫኑ። አምስት ስም ሲደረደር ማንኛውም አይነበብም፣ የከፈለውም ያዝናል። ሁለት ፋርማሲ አንድ ልብስ ላይ አታስገቡ። ቡድኑ የልጆች ከሆነ የመጠጥ ቤት ስም ደረታቸው ላይ አይለጠፍ፤ ወላጅ ቅር ይለዋል፣ ትክክልም ነው።

ህትመቱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አብዛኛው ሱቅ ሎጎ የሚባል ነገር የለውም፣ ያለው በራፉ ላይ የተሰቀለ ታፔላ ነው። ታፔላውን ፎቶ አንሡ፣ ስሙን ፊደል በፊደል በወረቀት ጻፉና ባለቤቱን አስፈርሙ። እኛ በቃል ነግረን የአንዱ ድርጅት ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ 18 ማልያ ላይ ወጣ። ሰውየው ምንም አላለንም፣ ግን በቀጣዩ ዓመት አልሰጠንም።

ብሩን በግል ስልክ መቀበል

ደብዳቤው ግርጌ ላይ የአሠልጣኙ የቴሌብር ቁጥር ካለ ብዙ ነጋዴ እዚያው ያቆማል። አሠልጣኙ ሌባ ነው ብሎ አይደለም። ከዚህ በፊት በቡድን ስም ብር ተሰብስቦ ማልያ ሳይታይ የቀረበት ታሪክ በየሰፈሩ አለ።

በክለቡ ስም፣ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ካላችሁ ቁጥሩን አስገቡ። ለመክፈት ባንኩ ሕጋዊ ሰነድ ይጠይቃል፤ ምን እንደሚፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የወረዳውን ስፖርት ጽሕፈት ቤትም አማክሩ። ጊዜ ይወስዳል።

ሂሳብ ለሌለው ቡድን የሚቀለው መንገድ ብሩን ጨርሶ አለመንካት ነው። ደብዳቤው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ “ክፍያውን በፕሮፎርማው መሠረት በቀጥታ ለማልያ ሠሪው ሊፈጽሙ ይችላሉ፤ ደረሰኙም በድርጅትዎ ስም ይቆረጣል።” ጋራዡ በዚህ መንገድ ነው የከፈለው። ሒሳብ ሠራተኛው ያለ ደረሰኝ የወጣ ብር ወጪ አድርጎ መያዝ አይችልምና ለነሱም የሚመቸው ይህ ነው። ስለዚህ ማልያ ሠሪ ስትመርጡ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆርጥ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

በሐምሌ መጠየቅ

የሰፈር ውድድር የሚሟሟቀው ተማሪው ሲያርፍ ነው። ቡድኑም ማልያ እንደሌለው ትዝ የሚለው ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሐምሌ ደግሞ ብዙ አነስተኛ ነጋዴ የዓመቱን ግብር ለመክፈል የሚሯሯጥበት ወር ነው። በዚያ ሰዓት ደብዳቤ ይዞ መግባት ራሱ ያስቆጣል።

ከግንቦት አጋማሽ በፊት አድርሱ። ማልያ ሠሪውም በክረምት መግቢያ ሥራ ስለሚበዛበት ሁለትና ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል።

ደብዳቤውን ካሸር ጋ ጥሎ መሄድ

ካሸሯ ከደረሰኞች ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ባለቤቱ አያየውም። አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ተጫዋች ሆናችሁ ሂዱ። ዳቦ ቤት ጠዋትና ማታ ወረፋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ፋታ አለው። ባለቤቷ ከሌለች መቼ እንደምትገኝ ጠይቁና ደብዳቤውን ይዛችሁ ተመለሱ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይም “መልስዎን ለመስማት ግንቦት 20 ከሰዓት በኋላ እንመጣለን” ብላችሁ ቀን ቁረጡ። በዚያ ቀን ካልሄዳችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

እኛ በቀጠርነው ቀን ስንሄድ ዳቦ ቤቷ 6,000 አልሰጠችንም። 4,000 ብር ሰጠችና ለያንዳንዱ ጨዋታ 20 ዳቦ ጨመረችልን። የጎደለውን 2,000 ወላጆች ሞሉት። ውድድሩ እንዳለቀ ልጆቹ ማልያውን ለብሰው የተነሡትን ፎቶ አሳጥበን ወሰድንላት፣ ከጀርባው ስንት ጨዋታ እንደተጫወትንና ብሯ ለምን እንደዋለ ጽፈንበት። አሁን ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤያችን የመጀመሪያ መስመር “ባለፈው ዓመት በሰጡን 4,000 ብርና በየጨዋታው በላኩልን ዳቦ” ብሎ ነበር የጀመረው።