ስለ ቫሪኮስ ቬይን ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቫሪኮስ ቬይን የሚባሉት በእግር ላይ አብጠውና ተጠማዝዘው የሚታዩ ደም መላሽ ሥሮች ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚዘወተረው ስህተት አብጦ የሚታየውን ሥር የችግሩ ምንጭ አድርጎ መውሰድ ነው። ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ፊት ተነስቶ እስከ ብሽሽት የሚዘልቀው ትልቁ ሳፊነስ ደም መላሽ ሥር ፋሽያ በሚባሉ ሁለት ጠንካራ ሽፋኖች ተደግፎ ስለሚያልፍ፣ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግዱት ቫልቮቹ ቢበላሹም እንኳ እምብዛም አይጠማዘዝም። ተጠማዝዘው ቆዳን የሚገፉት ከሽፋኑ ውጭ ያሉት ገባሮቹ ናቸው። በባት ላይ የሚታየው እብጠት መነሻው ብሽሽት ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ገባሩን ብቻ ማውጣት ከላይ ወደ ታች የሚመለሰውን ደም አያስቆምም።

ይህን ለመለየት ቀላል ምርመራ አለ። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ወደ ላይ ይነሳና ሥሮቹ ባዶ ሲሆኑ የጭኑ የላይኛው ክፍል በጎማ ይታሰራል፤ ከዚያም ይቆማል። ጎማው እንደታሰረ ሥሮቹ ቀስ ብለው ከሞሉና ሲፈታ ግን ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ካበጡ፣ የተበላሸው ትልቁ ሳፊነስ ብሽሽት ላይ ከጥልቁ ሥር ጋር የሚገናኝበት ቫልቭ ነው ማለት ይቻላል። ጎማው ሳይፈታም በፍጥነት ከሞሉ ደሙ ከማሰሪያው በታች ካለ ቦታ፣ ከአገናኝ ሥሮች ወይም ከጉልበት ጀርባ ካለው ትንሹ ሳፊነስ፣ እየገባ ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ ይበልጥ በትክክል የሚመልሰው የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፤ ሆኖም ታካሚውን አስተኝቶ ብቻ ማየት ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም የደሙ ወደ ኋላ መመለስ በግልጽ የሚታየው በቆመ ሰው ላይ ነው።

አገናኝ ሥሮች ወይም ፐርፎሬተሮች በሚባሉት ላይም የአቅጣጫ ስህተት ይፈጸማል። ጤነኛ አገናኝ ሥር ፋሽያውን በስቶ ደምን ከቆዳ በታች ካሉት ሥሮች ወደ ጥልቆቹ ያሳልፋል እንጂ በተቃራኒው አይደለም። ስንራመድ የባት ጡንቻ ጥልቆቹን ሥሮች ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህም ዝም ብሎ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ የሚሆነው ግፊት ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል። ቫልቮቹ ሲበላሹ ግፊቱ ስለማይወርድ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮም ይቆስላል። ይሁን እንጂ የሰፋ አገናኝ ሥር ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ከሳፊነሱ የወረደውን ትርፍ ደም ወደ ጥልቁ ለመመለስ ብቻ የሰፋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሳፊነሱ ሲታከም ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚሻሻል፣ አስቀድሞ እሱን መቋጠር ችኮላ ነው።

በመጨረሻም፣ «ሥሩ ከተወገደ ደሙ በየት ይመለሳል?» የሚለው ስጋት በአብዛኛው መሠረት የለውም፤ ከእግር የሚመለሰውን ደም 90 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት ጥልቆቹ ሥሮች ናቸውና። ስጋቱ እውነት የሚሆነው ጥልቆቹ በቆየ የደም መርጋት ሲዘጉ ነው። ያን ጊዜ ከቆዳ በታች ያበጡት ሥሮች የደሙ ማለፊያ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ጥልቆቹ ሳይመረመሩ እነርሱን ማስወገድ የእግሩን እብጠት ሊያባብሰው ይችላል።