በስፓኒሽ «ሎ»፣ «ላ» እና «ሌ» እንዴት እንደሚመረጡ፣ «ሌ»ም ለምን «ሴ» እንደሚሆን

ማድሪድ በምሠራበት ቤት አሠሪዬ ቁልፉን ለሕንፃው ዘበኛ ሰጥቼ እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ሎ ዲ» ብዬ መለስኩ፤ እሳቸውም ግራ ተጋብተው «ምኑን?» አሉኝ። በአእምሮዬ የነበረው «ሰጠሁት» የሚለው ቃል ነበር። «አየሁት» ስንል መጨረሻው ላይ ያለው «ት» የታየውን ያመለክታል፤ «ሰጠሁት» ስንል ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩን ነው። ስፓኒሽ ሁለቱን በተለያየ ቃል ይለያቸዋል።

በመጀመሪያ ሐሳቡን ያለ ቅጥያ ዘርዝሩት፦ «ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁ»። «ን» የያዘው ቃል በ«ሎ» ወይም በ«ላ» ይተካል፤ «ለ» የያዘው በ«ሌ» ይተካል። ይህ መለኪያ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለምሳሌ «እሷን ጠየቅኳት» በስፓኒሽ «ሌ ፕሬጉንቴ» ነው፤ ምክንያቱም ቀጥተኛ ተሳቢው የተጠየቀው ጉዳይ እንጂ ሴትዮዋ አይደለችም።

ቀጥሎ የዕቃውን ጾታ በስፓኒሽ ፈልጉ። ቁልፍ «ላ ያቤ» የሚባል የሴት ጾታ ስም ስለሆነ «ላ» ይሆናል፤ ለወንድ ጾታ ስም ቢሆን «ሎ» ነበር፤ ዘበኛው ወንድ መሆኑ እዚህ ላይ ምንም አይለውጥም። እኔ «ሎ» ያልኩት የተቀባዩን ጾታ ተከትዬ ስለነበር ስህተቴ ድርብ ነበር። «ሌ» ደግሞ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ተቀባዩ ይቀድማል። በዚህ መሠረት «ሌ ላ ዲ» መሆን ነበረበት፤ የሚባለው ግን «ሴ ላ ዲ» ነው። ብዙ መምህራን ለውጡ የመጣው ሁለት «ል» ተከታትሎ ለጆሮ ስለማይጥም ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ይህን ማብራሪያ አልቀበለውም፤ ታሪኩ ሌላ ነውና። በላቲን «ለእርሱ ያንን» ማለት «ኢሊ ኢሉም» ነበር። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ሲነገሩ የመጀመሪያው «ል» ከ«ኢ» ጋር ተዋህዶ ወደ «ዥ» ተለወጠ፤ በጥንቱ ስፓኒሽም «ዤ ሎ» ይባል ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ «ዤ» «ራሱን» ከሚለው «ሴ» ጋር በድምፅ ተቀራረበና እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ «ሴ» ቦታውን ወሰደ። ስለዚህ እዚህ ያለው «ሴ» ከ«ራሱን» ጋር የትርጉም ዝምድና የለውም፤ ይህን ያልተረዳ ሰው «ሴ ላ ዲ»ን «ለራሱ ሰጠ» ብሎ ይተረጉመዋል። ብዙ ቁጥሩ «ሌስ»ም እንዲሁ «ሴ» ይሆናል፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ካልታወቀ «ሴ ላ ዲ አ ኤያ» («ለእሷ ሰጠኋት») ተብሎ ይገለጻል።

በመጨረሻም ቦታቸውን አስተካክሉ። ከተረባው ግሥ በፊት ይቆማሉ፤ በትእዛዝና በንዑስ አንቀጽ ግን ከግሡ መጨረሻ ጋር ይጣበቃሉ፦ «ዳሴላ» («ስጠው»)፣ «ዳርሴላ» («መስጠት»)። በአሉታዊ ትእዛዝ ወደ ፊት ተመልሰው «ኖ ሴ ላ ዴስ» («አትስጠው») ይባላል።