አጭሩ ደጋን ለምን የበለጠ ጉልበት ይይዛል? በፈረስ ላይስ እንዴት ይተኮሳል?

በመጀመሪያ በቃላት እንግባባ። «ቀስት» ሲባል አንዱ የሚታጠፈውን እንጨት ያስባል፣ ሌላው የሚወረወረውን። እዚህ የሚታጠፈውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ። አዎ፣ ደጋን ሲባል የጥጥ መንደፊያው ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። እኔም ከዚያ ሌላ አላውቅም ነበር።

የምኖረው አውሮፓ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በፈረስ ላይ ሆነው የሚተኩሱ ሰዎች ክለብ አለ፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ ከእነሱ ጋር። የእኛ ፈረሰኛ ጦር ወርዋሪ ስለነበር አገር ቤት ደውዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ብዙውን ነገር የተማርኩት አበላሽቼ ነው።

አጭር እንጨት ብቻውን አይሆንም

ፈረስ ላይ ረጅም ደጋን አይመችም። አንገቱንና ጀርባውን ይመታል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማሻገርም አይቻልም። ይህን ሰማሁና «ታዲያ አሳጥሬ ልሥራው» አልኩ። ከእንጨት መሸጫ ጥሩ ደረቅ እንጨት ገዝቼ 115 ሳንቲሜትር ላይ ቆረጥኩ፣ ጠረብኩ፣ አውታር አሰርኩበት። ሲያዩት ያምር ነበር። እስከ ግማሽ ስስበው ምንም አላለም። አገጬ ድረስ ልስበው ስል ቋ አለና ለሁለት ተሰበረ። ስባሪው ቅንድቤን ፈነከተኝ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ደጋን ሲታጠፍ ወደ ዒላማው የሚያየው ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ እናንተ የሚያየው ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። እንጨት ከርዝመቱ መቶ እጅ አንድ እጅ ገደማ ሲለጠጥ ወይም ሲጨመቅ አቅሙ ያልቃል። ደጋኑ ባጠረ ቁጥር አውታሩን እኩል ርቀት ለመሳብ የበለጠ መታጠፍ አለበት። መፍትሔው ወይ ማርዘም ነው፣ ወይ ትንሽ መሳብ። እንግሊዞች ማርዘሙን መረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው መርከብ የወጡት ደጋኖች ሁለት ሜትር ይጠጋሉ። ለእግረኛ ድንቅ መሣሪያ ነው። ፈረስ ላይ ግን አይሆንም።

የእንጨት ደጋን ካላችሁ ሆዱን በየጊዜው እዩ። በአግድም የሄዱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ከታዩ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ተጨፍልቋል፤ ለማገዶ ይሁን። የእኔም እነዚህ መስመሮች ነበሩት። የቀለም ጭረት መስሎኝ አለፍኩት።

ቀንድ፣ እንጨትና ጅማት

ከሞንጎሊያ እስከ ቱርክ ያሉ ፈረሰኞች ሥራውን ለሦስት ነገር አካፈሉት። መሀሉ ቀጭን እንጨት ነው። ሆዱ ላይ ቀንድ ይለጠፋል፣ በተለይ የጎሽ ቀንድ፤ ቀንድ መጨመቅን ከእንጨት አራት እጥፍ ያህል ይችላል። ጀርባው ላይ በሙጫ የተነከረ የእንስሳ ጅማት ይደረደራል፤ ጅማት መለጠጥን ይወዳል። ሙጫው ከቆዳ፣ ከጅማት ወይም ከዓሣ ፊኛ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። እንጨቱ እዚህ ጋ ሁለቱን አራርቆ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። በዚህ ምክንያት 120 ሳንቲሜትር የማይሞላ ደጋን እስከ ጆሮ ድረስ ይሳባል፣ አይሰበርም።

ሁለተኛው ነገር ቅርጹ ነው። አውታሩ ሲፈታ ይህ ደጋን ቀጥ አይልም፤ ወደ ዒላማው በኩል ተቆልምሞ ይቀራል። አውታር ለማሰር መጀመሪያ ወደ ኋላ መገልበጥ አለበት። ስለዚህ ገና መሳብ ሳትጀምሩ ተወጥሯል። ሦስተኛው ጫፎቹ ናቸው። ጫፎቹ አይታጠፉም፣ ደርቀው ወደ ፊት ያዘነበሉ ናቸው። ስትስቡ ጫፎቹ ወደ እናንተ ይዞራሉ፣ እንደ መፈንቀያ ብረትም ያግዛሉ። ቀጥ ያለው ደጋን መጨረሻ ላይ ድንገት ድንጋይ ይሆናል። ይሄኛው እየከበደም ቢሆን በልኩ ነው።

ከቀንድ ልሥራ የምትሉ ካላችሁ ምክሬ አትጀምሩት ነው። ጅማትና ሙጫው በወጉ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል፤ የድሮዎቹ ባለሙያዎች አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቁ ነበር። እርጥበት ደግሞ ሙጫውን ይፈታዋል። በዚያው ቅርጽ ከፋይበርግላስ የተሠራ ግዙ። የሚናቅ አይደለም፣ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው።

ልዩነቱን በሻንጣ ሚዛን መለካት

ይህን እስክለካ ድረስ «ጉልበት ይይዛል» የሚለውን በወሬ ነበር የማውቀው። የሚያስፈልገው የአየር መንገድ ሻንጣ የምንመዝንበት ተንጠልጣይ ሚዛንና ሜትር ነው። ደጋኑን መሀሉን ግድግዳ ላይ በጠንካራ መስቀያ አንጠልጥሉ። ሚዛኑን አውታሩ ላይ ሰክታችሁ ወደ ታች ሳቡ፣ በየ10 ሳንቲሜትሩ ኪሎውን ጻፉ። ፊታችሁን ከሥሩ አርቁ። የእኔን ቅንድብ አስታውሱ።

ሁለተኛ የሠራሁት የእንጨት ደጋን 170 ሳንቲሜትር ነው። ከአጭሩ የፈረስ ደጋን ጋር አወዳደርኩት። ሁለቱም 50 ሳንቲሜትር ሲሳቡ 16 ኪሎ ይመዝናሉ። እጅ ላይ እኩል ናቸው ማለት ነው። መንገድ ላይ ግን እንዲህ ነበሩ፦

እንጨቱ፦ 3፣ 6፣ 9፣ 12.2፣ 16
አጭሩ፦ 4.8፣ 8.2፣ 10.8፣ 13.2፣ 16

አሁን ቁጥሮቹን ደምሩ፣ የመጨረሻውን ግን ግማሹን ብቻ ውሰዱ። እንጨቱ 38.2፣ አጭሩ 45 ይመጣል። እያንዳንዱ እርምጃ 0.1 ሜትር ስለሆነ በ0.1 አባዙ፣ ኪሎውን ወደ ኃይል ለመቀየር ደግሞ በ9.8። እንጨቱ 37 ጁል ገደማ፣ አጭሩ 44 ጁል ገደማ ያዘ። በአንድ ዓይነት ድካም አጭሩ ወደ 18 በመቶ ብልጫ አለው። ብልጫው በአብዛኛው የመጣው ከመጀመሪያዎቹ 30 ሳንቲሜትሮች መሆኑን ልብ በሉ። እንጨቱ 3 ኪሎ ላይ ሲንፏቀቅ አጭሩ ወደ 5 ደርሷል።

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። 18 በመቶ ተአምር አይደለም፤ ጠንካራ እግረኛ ከበድ ያለ ረጅም ደጋን ይዞ ያካክሰዋል። ዋናው ነገር ይህን ሁሉ ጉልበት ኮርቻ ላይ በሚመች ቁመት መያዙ ነው።

አውራ ጣት

አውታር ማሰሩን የሚያውቅ ሰው ያሳያችሁ፤ በስህተት ከታሰረ ክንዱ ይጠማዘዛል። እኔ ጊዜ የፈጀብኝ ግን አያያዙ ነው።

መጀመሪያ በሦስት ጣት ነበር የምስበው፣ ፊልም ላይ እንዳየሁት። አጭር ደጋን እስከ መጨረሻው ሲሳብ አውታሩ ሹል ማዕዘን ይሠራል፣ ሦስቱ ጣቶች እርስ በርስ ይጨፈለቃሉ። ጣቶቼ ስለሚያሙኝ ሳላውቀው ስበቱን አሳጥር ነበር። ስበት ሲያጥር ደግሞ ከላይ የለካነው ጉልበት ይቀራል፤ የመጨረሻዎቹ 10 ሳንቲሜትሮች ብቻቸውን የጉልበቱን ሲሶ ይዘዋል። ፈረሰኞቹ በአውራ ጣት የሳቡት ለዚህ ነው፤ አንድ ጣት ማዕዘኑ ውስጥ ይገባል።

ለቀኝ እጅ ሰው እንዲህ ነው። ደጋኑ በግራ እጅ። ፍላጻው ከደጋኑ በስተቀኝ በኩል ይቀመጣል፣ የግራ አውራ ጣታችሁ ላይ ተደግፎ። የቀኝ አውራ ጣታችሁን ከፍላጻው ጭራ ሥር አውታሩ ላይ ቆልምሙ። ጠቋሚ ጣታችሁ የአውራ ጣቱን ጥፍር ከላይ ይዝጋ፣ በሩን እንደሚይዝ መቀርቀሪያ። የጠቋሚው ሥር ፍላጻውን ወደ ደጋኑ ትንሽ ይግፋው። ይህቺ ትንሽ ግፊት ፈረሱ ሲዘል ፍላጻው እንዳይወድቅ ታደርገዋለች። ሲለቀቅ አውራ ጣቱን አታስፈነጥሩት፤ መቀርቀሪያውን ብቻ ክፈቱ።

ባዶ ጣት ከ10 ኪሎ በላይ ቶሎ ያብጣል። ድሮ የቀንድ፣ የአጥንት ወይም የድንጋይ ቀለበት ያደርጉ ነበር። ለጀማሪ ቆዳ ይሻላል። ጠንካራ ቀለበት ከገዛችሁ በጎን ገብቶ ሲዞር የሚጠብቅ ይሁን፤ ክብ ሆኖ የሚሾልክ ከሆነ ከፍላጻው ጋር አብሮ ይበራል። አንዱ ቀለበቴ እስካሁን ሣር ውስጥ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍላጻው በግራ አውራ ጣታችሁ ላይ አልፎ ነው የሚሄደው። ላባው ፊት ለፊት ያለው ሹል ጫፉ ካልተሞረደና በክር ካልተጠመጠመ ጣታችሁን ይወጋል። ሙጫ ብቻውን በቂ መስሎኝ ነበር። የላባውን ስባሪ በወረንጦ ያወጣችልኝ አሠልጣኛችን ናት፤ እየሳቀች።

ኮርቻ ላይ

ቢያንስ ሁለት ወር መሬት ላይ፣ ቀጥሎ በርሜል ላይ ተቀምጣችሁ ተኩሱ። ፈረሱም የአውታሩን ድምፅ መልመድ አለበት፤ ለብቻው አጠገቡ እየተኮሳችሁ አስለምዱት።

ዛቡን ቋጥራችሁ አንገቱ ላይ ጣሉት። ሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ፈረሱን የሚመራው እግርና ክብደት ብቻ ነው። እርካቡ ላይ ቆም በሉ፣ ጉልበት ዘና ይበል፣ ከወገብ በታች ያለው አካል ንዝረቱን ይጠጣ። ሶምሶማ ያንገጫግጫል፤ ግልቢያ ይሻላል፣ ሞገድ ስላለው። በየግልቢያው እግሮቹ ሁሉ ከመሬት የሚነሱባት አጭር ቅጽበት አለች፣ ያኔ ፀጥ ይላል። መልቀቅ እዚያ ላይ ነው። ስባችሁ ዒላማ እየፈለጋችሁ አትቆዩ። መሳቡና መልቀቁ አንድ እንቅስቃሴ ይሁን። ተጨማሪ ሦስት አራት ፍላጻ ደጋኑን በያዘው እጅ መያዝ ከሰገባ ከመምዘዝ ይፈጥናል።

የቀኝ እጅ ሰው ወደ ግራ በቀላሉ ይተኩሳል፣ ወደ ቀኝ ግን ይቸገራል። ወደ ኋላ መዞር የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ ረጅም ደጋን የፈረሱን ጀርባ ሲመታ አጭሩ አልፎ ይዞራል። ዛሬ ኢራን ባለችበት አካባቢ የነበረችው የጥንቷ ፓርቲያ ፈረሰኞች በዚህ የታወቁ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 ካራይ በተባለ ቦታ የሮማውን የጦር አዛዥ ክራሱስን የገጠሙት እንዲህ ነበር፤ እየሸሹ ወደ ኋላ ይተኩሳሉ። ክራሱስ ፍላጻቸው ሲያልቅ ይቆማሉ ብሎ ጠበቀ። የፓርቲያው አዛዥ ሱሬና ግን ፍላጻ የጫኑ ግመሎች ከኋላ አሰልፎ ነበር።

ወደ ኋላ ስትተኩሱ ከወገብ ዙሩ፣ ተረከዛችሁን ወደ ታች ጫኑ፣ ከዒላማው ዝቅ አድርጋችሁ አልሙ፤ ፈረሱ ሲያነሳችሁ ፍላጻው ከፍ ብሎ ይሄዳል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ተኩሼ ሁለት መታሁ። ከአራቱ ሦስቱ ከዒላማው በላይ አለፉ።