ርዕሱን ነካ አደረግኩ፣ ዕቃው ጠፋ፦ ከበዓል ቅናሽ በፊት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በዓል ሲቃረብ ኦንላይን የሚሸጥ ሰው እጁን ያሳክከዋል። ርዕሱ ላይ «የበዓል ቅናሽ» ብሎ መለጠፍ፣ ፎቶው ላይ ቀይ ክብ ሰርቶ 50% ብሎ መጻፍ ያምረዋል። የሱቅ በር ላይ ቢሆን ማንም አይከለክለውም። አማዞን ላይ ግን ዕቃውን ከገበያ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአማዞን ሕግ ነው። ኢቤይና ኤትሲ ላይ ቁጥሩ ይለያል፤ ለምሳሌ የርዕስ ጣሪያ ኢቤይ ላይ 80፣ ኤትሲ ላይ 140 ፊደል ነው።

ችግር፦ ርዕሱን ከቀየርኩ በኋላ ዕቃው ፍለጋ ላይ አይወጣም

መጀመሪያ ዕቃው ታግዶ ነው ወይስ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነው የሚለውን ለዩ። አማዞን ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠውን መለያ፣ ማለትም ASIN ቁጥሩን ገልብጡና መፈለጊያው ላይ አስገቡት። በቀጥታ ሊንክ ገጹ ከተከፈተና በቁጥሩ ስትፈልጉት ግን ካልመጣ፣ ከፍለጋ ታግዷል ማለት ነው። ከመጣ ግን አልታገደም፤ ደረጃው ወርዶ ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚያ የሻጮች መቆጣጠሪያ በሆነው Seller Central ውስጥ Manage All Inventory ግቡና Search Suppressed የሚለውን እዩ። ምክንያቱን አጠር አድርጎ ይነግራችኋል፤ አንዳንዴ በጣም አጠር አድርጎ።

የሚከተለው ርዕስ ለማሳያ የሰራሁት ነው፣ ግን እንደዚህ ዓይነቱን ስንቴ አይቻለሁ፦

```
HOLIDAY SALE!!! Best Water Bottle 50% OFF Steel Bottle 1 L Bottle FREE SHIPPING
```

እዚህ አንድ መስመር ላይ አራት ጥፋት አለ። HOLIDAY SALE፣ 50% OFF እና FREE SHIPPING የማስታወቂያ ቃል ናቸው፤ ርዕስ ውስጥ አይገቡም። Best የሻጩ አስተያየት እንጂ የዕቃው ባሕርይ አይደለም። ቃለ አጋኖው ደግሞ ከጥር 2025 (በፈረንጆች) ጀምሮ በአብዛኛው ዘርፍ ከታገዱት ምልክቶች አንዱ ነው፤ የምርት ስሙ አካል ካልሆነ በቀር የዶላር ምልክትና የጥያቄ ምልክትም አብረው ታግደዋል። አራተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ Bottle ሦስት ጊዜ ተጽፏል። በዚያው ሕግ አንድ ቃል ርዕስ ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ መደገም የለበትም፣ እንደ and እና for ያሉ ትንንሽ ቃላት ሲቀሩ። በዚያ ላይ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል መጻፍ ራሱ አይፈቀድም።

ሲስተካከል ይህን ይመስላል፦

```
BrandName Insulated Stainless Steel Water Bottle, 1 L, Leakproof Lid, Matte Black
```

በዚያው ሕግ ጣሪያው በአብዛኛው ዘርፍ ክፍት ቦታን ጨምሮ 200 ፊደል ቢሆንም ሁሉንም ሙሉት ማለት አይደለም። ስልክ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ስሙንና ዋናውን ነገር ፊት አድርጉት። ቅናሹን ከርዕሱ ስታወጡት ምንም የሚያጎድልባችሁ የለም። ቅናሹን የሚያሳየው የዋጋ ቦታው ነው፣ ወደዚያ እንመጣለን።

ርዕሱ ንጹሕ ሆኖም ዕቃው ካልተመለሰ ዋናውን ፎቶ ጠርጥሩ። ዋናው ፎቶ ላይ ጽሑፍ፣ የቅናሽ ክብ፣ ሎጎ፣ የውሃ ምልክት አይቻልም። ጀርባው ንጹሕ ነጭ፣ ማለትም RGB 255, 255, 255 መሆን አለበት፤ ዕቃውም የፎቶውን 85% ያህል መሙላት አለበት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ቀዩን ክብ ስልኩ ላይ በማጥፊያ ያነሳውና ነጭ የመሰለ ቦታ ይተዋል። ለዓይን ነጭ ነው፤ በቀለም መለኪያ ሲታይ 248 ወይም 251 ይላል። ያጠፋችሁበትን ቦታ በመለኪያው ነካ ነካ እያደረጋችሁ ፈትሹ። ከዚያ የሚቀለው ግን ክቡ ሳይጨመርበት በፊት የነበረውን ፎቶ መልሶ መጫን ነው፣ ካስቀመጣችሁት።

ችግር፦ አስተካክዬ አስቀመጥኩ፣ ገጹ ግን አሮጌውን ያሳያል

ለውጥ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ እስከ ማግስቱም ሊቆይ ይችላል። በየአሥር ደቂቃው እየገባችሁ እንደገና አታስቀምጡ። አንድ ቀን አልፎም ካልተቀየረ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ገጹ የእናንተ ብቻ አለመሆኑ ነው። አማዞን ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች አንድ ገጽ ይጋራሉ። ስለዚህ ከብዙ ሻጮች ከገባው መረጃ ውስጥ አንዱ ተመርጦ ይወጣል፣ የምርት ስሙን ያስመዘገበ ሰው ካለ ደግሞ የእሱ ቃል ይበልጣል። እንዲህ ሲሆን ደጋግሞ መጫን ዋጋ የለውም። ለሻጮች ድጋፍ ጥያቄ ክፈቱ፤ ASINኑን፣ አሁን የሚታየውን ርዕስ፣ መሆን ያለበትን ርዕስ፣ እንዲሁም የአምራቹን ገጽ ወይም የማሸጊያውን ፎቶ አያይዙ። ይህ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል ቅናሹ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ርዕስ መንካት አልወድም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያለቀ ይሻላል። A+ ገጽ፣ ማለትም በፎቶና በጽሑፍ የሰፋ የዕቃ መግለጫ ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ቅደሙ፤ የእሱ ምርመራ ብቻውን እስከ ሰባት የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ችግር፦ ዋጋ ቀነስኩ፣ በመስመር የተሰረዘው የድሮ ዋጋና የቅናሹ ባጅ ግን አልወጡም

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያናድድ ነው። እኔም እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

መጀመሪያ ቀላሉን ተመልከቱ። የቅናሽ ዋጋ ሲገባ Sale Price ብቻውን አይበቃም፤ Sale Start Date እና Sale End Date ሁለቱም ይሞላሉ። ቀኑ ካልተሞላ ወይም ያለፈ ቀን ከሆነ ምንም አይሆንም፣ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም ላታዩ ትችላላችሁ።

ቀኑ ልክ ከሆነ ችግሩ ያለው የተሰረዘው ዋጋ የሚመጣበት ቦታ ላይ ነው። ያንን ቁጥር የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። Was Price ተብሎ የሚወጣው ገዢዎች ባለፉት 90 ቀናት በእርግጥ ከከፈሉት ዋጋ መካከለኛው ነው፣ በአጭር ጊዜ ቅናሽ የተሸጠውን ሳይጨምር። መካከለኛ ማለት አማካይ አይደለም። ዋጋዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ብትደረድሯቸው መሀል ላይ የሚያርፈው ማለት ነው።

እንበል አንድ ሻጭ ዕቃውን ለወራት በ80 ሲሸጥ ቆየ። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ 100 ከፍ አደረገው፣ ከዚያ በበዓሉ «20% ቅናሽ» ብሎ ወደ 80 መለሰው። ባለፉት 90 ቀናት 90 ትእዛዝ ነበረው፤ 70ው በ80፣ 20ው በ100። ተደርድረው ሲታዩ መሀሉ 80 ላይ ነው። ስለዚህ የድሮው ዋጋ 80፣ የቅናሹ ዋጋም 80፣ ቅናሽ የለም፣ የተሰረዘ ቁጥርም የለም። ሰውዬው ሲስተሙ ተበላሽቷል ይላል። አልተበላሸም፣ ተነቅቶበታል። 20% እንዲታይለት ከፈለገ መሸጥ ያለበት በ64 ነው። 64 ካላዋጣው 10% አድርጎ በ72 ይሽጥ።

የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚሸጥ ደግሞ ይህ ሕግም ነው። ከግንቦት 2022 ጀምሮ ቅናሽ ሲነገር አብሮ የሚጠቀሰው የቀድሞ ዋጋ፣ ቅናሹ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ ከነበሩት ዝቅተኛው መሆን አለበት። የእኛ ሻጭ በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ 80 የሸጠበት ቀን ስላለ እዚያም መነሻው 80 ነው።

ስለዚህ መፍትሄው ከበዓሉ በፊት ዋጋ አለመስቀል ነው። የሽያጭ ታሪኩን አውርዱ፣ የ90 ቀኑን ዋጋ ደርድሩ፣ መሀሉን ፈልጉ፣ ከዚያ ተነስታችሁ ቅናሹን አስሉ። ስሌቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ ዕቃ ከሆነና የሽያጭ ታሪክ ከሌለው የተሰረዘ ዋጋን አትጠብቁ። ታሪክ ላለው ዕቃ ግን ኩፖንም ሌላ አማራጭ ነው። ኩፖን የራሱ ምልክት አለው፣ ፍለጋ ላይም ዋጋው አጠገብ ይታያል። እሱም ቢሆን መስፈርት ስላለው ዕቃችሁ ይፈቀድለት እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ።

ችግር፦ ራሴ የሰራሁት ባጅ ማስጠንቀቂያ አመጣብኝ

Best Seller በዘርፉ በሽያጭ አንደኛ ለሆነ ዕቃ ሲስተሙ ራሱ የሚሰጠው ነው፣ ደረጃው ሲወርድ ራሱ ይወስደዋል። Amazon's Choiceም ተጠይቆ አይገኝም። እነሱን ወይም እነሱን የሚመስል ነገር ፎቶ ላይ መሳል፣ ሁለተኛም ይሁን ሰባተኛ ፎቶ ላይ፣ ክልክል ነው። ትናንት በእርግጥ አንደኛ ብትሆኑም ያው ነው። ተጨማሪ ፎቶዎች ላይ ጽሑፍ ይቻላል፤ ልኩን፣ የተሰራበትን ነገር፣ አጠቃቀሙን ጻፉበት። ዋጋና ቅናሽን ግን እዚያም ተዉት።

«ታዲያ በዓሉን የት ልጥቀሰው?» ለሚል፣ ዕቃው ለስጦታ የሚሆን ከሆነ የስጦታ ቃላትን በውስጥ መፈለጊያ ቃላት ቦታ አስገቡ። ከ250 ባይት በታች መሆን አለበት፣ ካለፈ ዋጋ ያጣል። እዚያም ቢሆን «አሁን በቅናሽ ላይ» ዓይነት ጊዜያዊ ቃል አይገባም። ከዚያ ሌላ የበዓል ድምቀት ያለበት ፎቶ፣ ለምሳሌ ዕቃው በስጦታ ወረቀት አጠገብ ተቀምጦ፣ ከዋናው ፎቶ ውጭ ባሉት ላይ ያምራል።

ችግር፦ በዓሉ አለፈ፣ ቅናሹ ግን አልወርድ አለ

ወይ Sale End Date በስህተት ሩቅ ሆኗል፣ ወይ ሰዓቱን በራሳችሁ ሰዓት አስባችሁታል። አሜሪካው አማዞን ላይ ቅናሾች የሚቆጠሩት በፓሲፊክ ሰዓት ስለሆነ እናንተ «እኩለ ሌሊት አልፏል» ስትሉ እዚያ ገና ቀን ሊሆን ይችላል። ሌላው የሚረሳው ዕቃውን በሚገልጹት አጫጭር ነጥቦች ውስጥ የቀረ ቃል ነው። ርዕሱን አጽድቶ ሦስተኛው ነጥብ ላይ «ለበዓሉ ብቻ» የሚል የተወ ሰው ከወር በኋላ ነው የሚያገኘው፣ ያውም በማስጠንቀቂያ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከመንካቴ በፊት ርዕሱን፣ አምስቱን ነጥቦችና ዋናውን ፎቶ በአንድ ፋይል አስቀምጣለሁ። አጠገቡ የለወጥኩበትን ቀንና የምመልስበትን ቀን እጽፋለሁ። ቅናሹ ባለቀ ማግስት ፋይሉን ከፍቼ አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። አንዴ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ የድሮውን ርዕስ ከማስታወሻዬም ከኢሜይሌም አጥቼ፣ በመጨረሻ የተገኘው አንድ የቆየ የማሸጊያ ወረቀት ላይ ነው።