ፌራዮው ቢቀር ሶሌታው ዘገየ እንጂ ዕቅዱ አልፈረሰም

ምልክት፦ አንድ ሥራ ሦስት ቀን ስለዘገየ ከሱ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ በሦስት ቀን ተገፍቷል፤ ከሳምንታት በኋላ የተያዘው ለሳኝ ሳይቀር ቀጠሮው ተሰርዟል።

ምክንያት፦ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ ሳይለይ ቀን ብቻ ተቀይሯል።

የአንድ ቤት ሶሌታ እንውሰድ። ፎርምወርኩ ሰኞ አልቋል። ብረት ማሰሩ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ የመሐንዲሱ ምርመራ ዓርብ፣ የአርማታ ሙሌቱ ቅዳሜ ነበር። ብረት አሳሪው ፌራዮ ማክሰኞ ታመመና የሚመለሰው ዓርብ ነው። እሁድ ሥራ የለም። እሱን ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው ሙሌቱን ረቡዕ ያደርሳል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ያለ እሱ የሚሠራውን ለዩ። ብረት መቁረጥ፣ ማጠፍና ዋናውን ብረት ዙሪያውን የሚይዘውን ስታፋ ማዘጋጀት የብረት ዝርዝሩ በእጅ ካለ ልምድ ያለው ረዳት ይችለዋል። ስለዚህ ባልተገኘባቸው ቀናት ይህ ይጠናቀቅ፤ አንድ ስታፋ ታጥፎ ልኩ ከፕላኑ ጋር ሳይመሳከር ግን ሌላው አይታጠፍ። ያኔ ማሰሩ ዓርብና ቅዳሜ ያልቃል። የኤሌክትሪክ ቱቦ የሚገባው የታችኛው ብረት ከተዘረጋ በኋላ፣ የላይኛው ሳይሸፍነው ስለሆነ ኤሌክትሪሺያኑ የሚጠራው ለዚያች ሰዓት ነው። ምርመራው ሰኞ፣ ሙሌቱ ማክሰኞ ይሆናል።

ቀጥሎ ወደ ለሳኙ እንሂድ። መሐንዲሱ ድጋፍ እንጨቱ ከሙሌት 14 ቀን በኋላ እንዲነሳ ካዘዘና የጣሪያው ልስን በ20ኛው ቀን ከተያዘ፣ መሃል ላይ 6 ትርፍ ቀን ነበር። ሙሌቱ ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ሲሄድ 3ቱ ይበላሉ፣ 3 ይቀራሉ። የለሳኙ ቀን አይነካም! የአጥር ብሎኬትና የሴፕቲክ ታንክ ቁፋሮም ሶሌታውን ስለማይጠብቁ በቀናቸው ይቀጥላሉ። ለሙሌት ቀን ጉልበት ሠራተኛ ከአጥሩ የሚወሰድ ከሆነ ብቻ የአጥሩ ሥራ ማክሰኞ ይቆማል።

የሚደወለው እንግዲህ ለሚክሰርና ቫይብሬተር አከራይ፣ ለአሸዋና ጠጠር አቅራቢ፣ ለመሐንዲሱ ነው። ሲሚንቶ ገና ካልመጣ እስከ ሰኞ ይቆይ፤ ከመጣ ግን መሬት ሳይነካ በእንጨት ላይ ተደርድሮ በደረቅ ቦታ ይሸፈን።

ምልክት፦ የተከለሰው ዕቅድም በሳምንቱ እንደገና ዘገየ።

ምክንያት፦ የቀረው ሥራ ሳይለካ ቀን ተቆርጧል፤ ወይም ጊዜው የተቀነሰው ሊቀነስ ከማይችል ሥራ ላይ ነው። አርማታውን ውሃ ማጠጣቱ ቢያንስ ለ7 ቀን መቀጠል አለበት። ድጋፉም መሐንዲሱ ካዘዘው ቀን አይቀድምም፤ ቀድሞ ከተነሳ ሶሌታው ሊሰነጠቅ ወይም ሊደረመስ ይችላል። ሰው በመጨመር አርማታ አይፈጥንም።

መፍትሄ፦ ዓርብ ማታ የታሰረውን ቁጠሩ። ከግማሽ በታች ከሆነ ያኔውኑ ሁለተኛ ፌራዮ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ሙሌቱን ወደ ረቡዕ አንሱት። ለልስኑ ገና 2 ትርፍ ቀን ይቀራል።