ስኳሩ ልክ 118 ዲግሪ ላይ ወርዶ ከረሜላው ለምን ድንጋይ ሆነ?

ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የካራሜል አሠራር ላከችልኝ። 400 ግራም ስኳር፣ 250 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 100 ግራም ቅቤ፣ ሁለት ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። «118 ዲግሪ ሲደርስ አውርጂው» ይላል። እኔም አዲስ አበባ ቤቴ ቴርሞሜትሬን ድስቱ ላይ ሰክቼ ልክ 118 ላይ አወረድኩት። በማግስቱ ቢላ አልቆርጠው አለ። ደወልኩላት። «እኔ ጋ እንደ ቅቤ ነው የሚቆረጠው» አለች። ሁለታችንም አልተሳሳትንም። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው፤ እሱም የተሳሳተው እኔ ቤት ብቻ ነው።

ካራሜሉ ደረቀ፣ ጥርስ ሰባሪ ሆነ

ስኳርና ውሃ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ይሄዳል። ውሃው ባነሰ ቁጥር ሽሮፑ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ በተዘዋዋሪ የሚነግረን ድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው። ውጭ አገር አሠራሮች ላይ «ሶፍት ቦል» የሚባለው ደረጃ ላይ፣ ከ112 እስከ 116 ዲግሪ፣ ከሽሮፑ 85 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። «ሃርድ ክራክ» ላይ፣ ከ146 እስከ 154፣ ውሃው አልቆ 99 በመቶ ያህሉ ስኳር ይሆናል።

ግን እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ለባህር ዳርቻ የተጻፉ ናቸው። እዚያ ውሃ 100 ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ሽሮፑም እንዲሁ በ8 ዲግሪ ቀድሞ እዚያው ደረጃ ላይ ይደርሳል። የእኔ 118 በአክስቴ ልጅ ቤት 126 ማለት ነበር። እሷ ለስላሳ ካራሜል ስትሠራ እኔ ሳላውቀው «ሃርድ ቦል» የሚባለውን ደረጃ ገባሁበት። እኔ ማውረድ የነበረብኝ 110 ላይ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከመሥራትሽ በፊት በዚያው ቴርሞሜትር ንጹህ ውሃ አፍልተሽ ለኪ። ጫፉ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ ተጠንቀቂ፤ ከነካ የብረቱን ሙቀት ነው የሚያነበው። 92 ካለሽ ከአሠራሩ ቁጥር ላይ 8 ቀንሺ። 94 ካለሽ 6 ቀንሺ። ድሬዳዋ ያለ ሰው 4 ያህል ብቻ ሊቀንስ ይችላል። የዚህ ዘዴ ትርፍ ደግሞ ቴርሞሜትርሽ ራሱ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ዲግሪ የሚሳሳት ከሆነ ያ ስህተት አብሮ መታረሙ ነው።

የደረቀውን አትጣይው። ወደ ድስቱ መልሰሽ አምስት ስድስት ማንኪያ ውሃ ጨምሪበት። በትንሽ እሳት እያማሰልሽ አቅልጪውና እንደገና እስከ 110 አፍይው። ካረረ ግን ተስፋ የለውም፤ ምሬቱ አይወጣም።

ቴርሞሜትር የለኝም፣ ወይም አላምነውም

አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርቢ። ከሽሮፑ ጥቂት ጠብታ አድርጊበትና ውሃው ውስጥ በጣትሽ ሰብስቢው። ተሰብስቦ ድብልብል ከሆነና ከውሃው ስታወጪው መዳፍሽ ላይ እንደ ሊጥ ጠፍጠፍ ካለ ሶፍት ቦል ነው። ቅርጹን ይዞ ግን ስትጫኚው እሺ ካለ ካራሜልሽ ደርሷል። ጠንክሮ በኃይለኛ የጣት ግፊት ብቻ የሚበገር ከሆነ ሃርድ ቦል ነው። ክር ሆኖ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ከተሰበረ ሶፍት ክራክ፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ሃርድ ክራክ።

ይህ ፈተና ከፍታ አያውቅም። የሚያየው የቀረውን ውሃ ነው፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ቨርጂኒያም መልሱ አንድ ነው። እኔ አሁን ቴርሞሜትሩ ወደ ቁጥሩ ሲጠጋ ብርጭቆውን አወጣለሁ፤ የመጨረሻውን ቃል የምሰጠው ለብርጭቆው ነው። ስትፈትኚ ድስቱን ከእሳት አውርጂ፤ አንቺ ጠብታ ስትሰበስቢ እሱ ደረጃ ያልፍብሻል።

ሎሊፖፑ ጥርስ ላይ ይጣበቃል

አንዱን ስበሪው። ውስጡም ከተለጠጠ ወይም ከጎበጠ ሃርድ ክራክ አልደረሰም። ትንሽ ውሃ ጨምረሽ አቅልጪና አዲስ አበባ ከሆንሽ ወደ 142 መልሺው። ውስጡ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ላዩ ብቻ ካጣበቀ ግን ጥፋቱ የአየሩ ነው። ስኳር እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ላይ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ከረሜላ በአንድ ቀን ያልበዋል። እንደበረደ ጠቅልለሽ በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው።

ሎሚ ማብዛትም ያጣብቃል። የሎሚው አሲድ ስኳሩን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰነጥቀዋል፤ ፍሩክቶስ ደግሞ ከስኳር የባሰ እርጥበት ወዳድ ነው። ለ400 ግራም ስኳር ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ሎሊፖፕ ላይ የከፍታ ስህተት ብዙም አይጎዳም። ውሃው ቀድሞ ስላለቀ 142 ይሁን 150 ልዩነቱ ከመጠነኛ ቢጫነት አያልፍም። ለስላሳው ከረሜላ ላይ ግን ስምንቱ ዲግሪ ሁሉን ያበላሻል። ሎሊፖፕ ተሳክቶላት «አሠራሩ ልክ ነው» ብላ ካራሜል ላይ የምትወድቀው ብዙ ናት።

ሽሮፑ አሸዋ ሆነ

ጥርት ብሎ ሲፈላ የነበረው ድንገት ይነጣና ይሻክራል። የድስቱ ግድግዳ ላይ የደረቀች አንዲት የስኳር ፍሬ ወደ ውስጥ ስትወድቅ ሌላው ሁሉ በእሷ ላይ ይደረደራል። ሽሮፑ ከፈላ በኋላ በማንኪያ ማማሰል ደግሞ ይህን ያፋጥናል።

ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ አታፍይው። መፍላት ሲጀምር ድስቱን ለሁለት ሦስት ደቂቃ ክደኚው፤ እንፋሎቱ ግድግዳውን ራሱ ያጥበዋል። ከዚያ ከፍተሽ አትንኪው። ክሬም ያለበት ካራሜል ብቻ ነው የሚማሰለው፤ ካልተማሰለ ታቹ ያራል። ማሩም እዚያ ውስጥ የገባው ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ስኳሩ እንዳይደረደር ነው። አንዴ አሸዋ ከሆነ ግማሽ ኩባያ ውሃ ጨምረሽ ፍሬው እስኪጠፋ አሟሚና ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ሙቀቱ ቆመ፣ ከዚያ ድንገት ዘለለ

ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። መጀመሪያ ላይ የሚተን ብዙ ውሃ ስላለ ቁጥሩ ይንቀረፈፋል፤ እሳት ጨምሪ ጨምሪ ያሰኛል። መጨረሻ ላይ ውሃው ሲያልቅ የሚያቆመው የለም። ሎሊፖፕ ስትሠሪ እሳቱን ከ120 በኋላ ቀንሺ፤ ካራሜል ከሆነ ከዚያ ቀደም ብለሽ፤ ከምትፈልጊው ሁለት ዲግሪ ሲቀረው አውርጂው፤ በድስቱ ሙቀት ራሱ ይደርሳል። አልፎ እንዳይሄድ የድስቱን ቂጥ ለጥቂት ሰከንድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይረጭ ብቻ፤ 140 ዲግሪ የሞቀ ስኳር ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ልጆቹን ከኩሽና አስወጪ።