ሁለት ባትሪ ባለበት ሰርኪዩት ከረንቱ ኔጌቲቭ ሲወጣ

ሁለት ባትሪ ያለበት ሰርኪዩት ሲገጥማችሁ ከረንቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ለማወቅ ጊዜ አታጥፉ። በየመስመሩ ደስ ባላችሁ አቅጣጫ ቀስት ሳሉ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አትንኩት።

ለምሳሌ በግራ 12 ቮልት ባትሪ ከ2 ኦም ሬዚስተር ጋር፣ በቀኝ 6 ቮልት ባትሪ ከሌላ 2 ኦም ጋር፣ መሃል ላይ 8 ኦም ብቻውን አለ እንበል። ሦስቱ መስመሮች ላይና ታች ይገናኛሉ፤ የሁለቱም ባትሪዎች ፖዘቲቭ ወደ ላይ ነው። I1 እና I2 ከባትሪዎቹ ወደ ላይኛው መገናኛ ይገባሉ፣ I3 በመሃል ይወርዳል ብለን እንነሳ። የመጀመሪያው እኩልታ ከላይኛው መገናኛ፣ ሁለቱ ደግሞ የግራውንና የቀኙን ዙር በየተራ ስንዞር የሚመጡ ናቸው፦

```
I1 + I2 = I3
12 - 2·I1 - 8·I3 = 0
6 - 2·I2 - 8·I3 = 0
```

የታችኛው መገናኛ የመጀመሪያውን እኩልታ ስለሚደግም ተዉት።

ብዙ ሰው የሚስተው ምልክቱን ነው። ሬዚስተርን በቀስቱ አቅጣጫ ካለፋችሁ ቀንሱ፣ በተቃራኒው ካለፋችሁ ደምሩ። ባትሪ ላይ ግን ቀስቱን እርሱት፤ ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ካለፋችሁ ደምሩ፣ አለበለዚያ ቀንሱ።

ሲፈታ I1 = 2፣ I2 = -1፣ I3 = 1 አምፒር ይሆናል። ኔጌቲቩ ከረንቱ ከቀስታችሁ በተቃራኒ እየሄደ ነው ማለት ነው እንጂ ስህተት አይደለም። ጠንካራው ባትሪ በደካማው ውስጥ ከረንት እየገፋ ነው፤ ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ቢሆን ኖሮ እየሞላ ነበር። ግን በስሌቱ መሃል ቀስቱን እንዳትገለብጡት! ግማሹ እኩልታ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ አቅጣጫ ይቀርና ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ለማረጋገጥ ያልተጠቀማችሁበትን የውጪውን ትልቁን ዙር ሂዱበት፦ 12 - 2·2 + 2·(-1) - 6 = 0።